የሁለት ደቂቃው ቪዲዮ አንድ ተግባር ብቻ ያስተምር

ጥያቄ፦ «ለጀማሪ ተጠቃሚዎች የሞባይል ገንዘብን የሚያስረዳ የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ እንዳዘጋጅ በመሥሪያ ቤቴ ታዝዣለሁ። ምዝገባ፣ ገንዘብ ማስገባት፣ መላክ፣ ማውጣት፣ ሂሳብ መክፈልና ከአጭበርባሪዎች መጠንቀቅ ሁሉም እንዲካተት ተነግሮኛል። የስልኬን ስክሪን ቀድቼ ድምፅ ልጨምርበት አስቤያለሁ። ሥራውን ከየት ልጀምር? ፋይሉንስ በመጨረሻ በምን ጥራት ላውጣው? 4ኬ ይሻላል የሚሉኝ አሉ።»

መልስ፦ ስድስቱ ርዕሶች በሁለት ደቂቃ ውስጥ አይገቡም። ለእያንዳንዳቸው የሚደርሳቸው 20 ሰከንድ ነው፤ በ20 ሰከንድ ደግሞ የአንድን አገልግሎት ስም መጥራት እንጂ አሠራሩን ማሳየት አይቻልም። እንዲህ ያለውን ቪዲዮ ያየ ጀማሪ አገልግሎቱ ብዙ ነገር እንደሚሠራ ይረዳል፤ ስልኩን ሲያነሣ ግን የትኛውን ቁልፍ ቀድሞ እንደሚነካ አያውቅም። የተሰጠዎት ዝርዝር የአገልግሎቱ ማውጫ እንጂ የቪዲዮ ሐሳብ አይደለም። ከስድስቱ አንዱን ይምረጡና ሌሎቹን ለሌላ ቪዲዮ ያቆዩ። እኔ የምመርጥልዎ መላክን ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ምዝገባ፣ ማስገባትና ማውጣት ባብዛኛው ወኪል ፊት የሚፈጸሙ ናቸው፤ ጀማሪው ቢደናገር የሚያርመው ሰው አጠገቡ አለ። ገንዘብ ሲልክ ግን ብቻውን ነው። ከስልክ ቁጥሩ አንዲት አኃዝ ብትሳሳት ገንዘቡ ወደማያውቀው ሰው ይሄዳል፤ ያ ሰው ቀድሞ ካወጣው ደግሞ ማስመለሱ እጅግ አስቸጋሪ ይሆናል። ስለዚህ ያለ ረዳት የሚሠራው፣ ስህተቱም የሚከብደው ይኸው ተግባር ስለሆነ ሁለቱ ደቂቃ ለእርሱ ይገባዋል። የአጭበርባሪዎቹም ጉዳይ አይቀርም። የምስጢር ቁጥር የሚገባውና የማረጋገጫ መልእክት የሚመጣው በመላክ ሂደት ውስጥ ስለሆነ ጥንቃቄው በቦታው ይነገራል፤ በመጨረሻ ላይ እንደ ማስታወቂያ አይለጠፍም።

ይህን ለአለቆችዎ ለማስረዳት ረጅም ሰነድ አያስፈልግዎትም፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፈው ያስፈርሟቸው፦ «ይህን ቪዲዮ ያየና ሂሳብ ያለው ጀማሪ፣ ያለ ማንም እርዳታ ለሚያውቀው ሰው ትንሽ ገንዘብ ልኮ መላኩን ያረጋግጣል።» ከዚያ በኋላ አንድ ሰው «ብድርም እንዳለን ይጠቀስ እንጂ» ሲል (ማለቱ አይቀርም) መልስዎ ይኸው ዓረፍተ ነገር ነው። ከዚህ ስምምነት በፊት ካሜራ አይክፈቱ።

ቀጥሎ የሚወሰነው ስልኩ ነው። የሞባይል ገንዘብ በስማርት ስልክ መተግበሪያም፣ በአጭር ቁጥር በሚከፈት የጽሑፍ ማውጫም ይሠራል። ሁለቱን በአንድ ቪዲዮ ማሳየት ጀማሪውን ከማደናገር በቀር ጥቅም የለውም። ተመልካቾችዎ በእጃቸው የያዙት የትኛውን ዓይነት ስልክ ነው? ባለ ቁልፍ ስልክ ከሆነ በማውጫው ይሂዱ። ሁለቱም ዓይነት ተመልካች ካለዎት ሁለት ቪዲዮ ይሥሩ፤ ትረካው በአብዛኛው አንድ ስለሚሆን ወጪው እጥፍ አይሆንም።

የስክሪን ቀረጻው ሐሳብ በሦስት ቦታ ይሰናከላል። አንደኛ፣ ብዙ የገንዘብ መተግበሪያዎች ለደኅንነት ሲሉ ስክሪናቸው እንዳይቀዳ ይከለክላሉ፤ ቀረጻውን ሲከፍቱት የሚያገኙት ጥቁር ምስል ነው፣ ያውም በጣም በሚፈልጉት ገጽ ላይ። ሁለተኛ፣ የራስዎ ቀሪ ሂሳብ፣ የተቀባዩ ስምና ስልክ ቁጥር በይፋ ይወጣሉ። ሦስተኛ፣ በአጭር ቁጥር የሚከፈተው ማውጫ ትንሽ ከዘገዩበት ራሱን ይዘጋል፤ ስለዚህ እያብራሩ በእርጋታ መቅዳት አይቻልም። ከእነዚህም ሌላ፣ ለጉዳዩ አዲስ የሆነ ሰው ጠርዝ የሌለው፣ እጅ የማይታይበት የስክሪን ምስል ሲያይ የስልክ ገጽ መሆኑን ወዲያው ላይለይ ይችላል።

የሚበጀው አካሄድ ገጾቹን ዳግመኛ መሣል ነው። እውነተኛውን ሂደት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይፈጽሙ፤ በሌላ ስልክ እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ ያንሡ፤ ከዚያ ጽሑፉን ፊደል በፊደል ሳይለውጡ በንጹሕ ምስል መልሰው ያዘጋጁት። በቪዲዮው መጀመሪያ ስልኩን የያዘ እጅ በካሜራ ይታይ፤ ወደ ስክሪኑ ስንጠጋ የተሣለው ገጽ ይተካው። በምሳሌው ላይ የሚታየው ቁጥር ደግሞ የግለሰብ አይሁን፤ መሥሪያ ቤትዎ የራሱን የመፈተሻ መስመር ይመድብ።

አንድ መላክ በማውጫው ሲፈጸም በተለመደው አሠራር ሰባት ገጽ ያህል አለው፦ ዋናው ማውጫ፣ «ገንዘብ ላክ» የሚለው ምርጫ፣ የተቀባይ ቁጥር፣ መጠን፣ ማረጋገጫ፣ የምስጢር ቁጥር፣ በመጨረሻም የሚደርሰው መልእክት። የእርስዎ አገልግሎት ቅደም ተከተሉ ሊለይ ይችላል፤ የምስጢር ቁጥርንና ማረጋገጫን በአንድ ገጽ የሚጠይቁም አሉ። ጀማሪው የሚቸኩለው በማረጋገጫው ገጽ ላይ ነው። ቁጥሩንና መጠኑን ሲያስገባ ጣቱ ሥራ አለው፤ ማረጋገጫው ላይ ግን የሚጠበቅበት ማንበብ ብቻ ነው። ጽሑፉም ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ሳያነብ «1» ብሎ ያልፈዋል። የተቀባዩን ስም፣ መጠኑንና የአገልግሎት ክፍያውን አንድ ላይ የሚያየው ግን እዚያ ብቻ ነው፤ የምስጢር ቁጥሩን ከማስገባቱ በፊት ሐሳቡን ሊለውጥ የሚችልበትም የመጨረሻው በር እርሱ ነው። ቪዲዮዎ የሚቆመው በዚህ ገጽ ዙሪያ ነው።

ስለዚህ ጊዜውን ሲያከፋፍሉ ለሁሉም ገጽ እኩል አይስጡ። የመጀመሪያዎቹ 12 ሰከንዶች ሁኔታውን ያሳያሉ፦ አንዲት ሴት በሌላ ከተማ ለምትኖር እህቷ 500 መላክ ትፈልጋለች። እስከ 20ኛው ሰከንድ ቅድመ ሁኔታው ይነገራል፦ ሂሳብ ሊኖራት፣ በሂሳቡም ከሚላከው መጠንና ከአገልግሎት ክፍያው ያላነሰ ገንዘብ ሊኖር ይገባል። እስከ 55ኛው ማውጫው፣ ቁጥሩና መጠኑ ይገባሉ። ከ55 እስከ 80 ያሉት 25 ሰከንዶች በሙሉ የማረጋገጫው ገጽ ናቸው። እስከ 95ኛው የምስጢር ቁጥሩ፣ እስከ 112ኛው መልእክቱና የቀሪ ሂሳብ ምርመራው፣ የቀሩት 8 ሰከንዶች ደግሞ ችግር ሲገጥም የሚደወልበት ቁጥር። የአርማ ማሳያና የሙዚቃ መግቢያ በዚህ ስሌት ውስጥ ቦታ የላቸውም፤ አርማው ከመጨረሻው ቁጥር ጋር አብሮ ይታያል።

ትረካውን የሚጽፉት ሁለት ዓምድ ባለው ወረቀት ላይ ነው፤ በአንዱ የሚታየው፣ በሌላው የሚሰማው። በአማርኛ ረጋ ብሎ የሚናገር ተራኪ በደቂቃ ከ90 እስከ 100 ቃላት ያህል ይላል ብለው ይነሡ። ዝምታዎቹን ሲቀንሱ ለጠቅላላው ቪዲዮ ከ150 እስከ 160 ቃላት ይቀርዎታል። በእንግሊዝኛ የተዘጋጁ መመሪያዎች ለሁለት ደቂቃ የሚመድቡትን የቃላት ብዛት አይከተሉ፤ የእኛ ቃላት ስለሚረዝሙ ተራኪው ለመሮጥ ይገደዳል። ቃላት መቁጠሩ ለመነሻ ብቻ ነው፤ ጽሑፉን ድምፅዎን ከፍ አድርገው እያነበቡ በሰዓት ይለኩት።

የማረጋገጫው ክፍል ለምሳሌ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦ «አሁን አይቸኩሉ። ስሙን ያንብቡ። ሊልኩለት ያሰቡት ሰው ስም ነው? መጠኑስ? ከእርሱ በታች ያለው የአገልግሎት ክፍያው ነው። አንዱ እንኳ ካልተስተካከለ ‹ሰርዝ› የሚለውን ይምረጡና እንደገና ይጀምሩ። ገንዘቡ ገና ከእጅዎ አልወጣም።» ይህ ወደ 30 ቃላት ነው። በዝግታ ሲነበብ 20 ሰከንድ ገደማ ይወስዳል፤ የተረፉት ሰከንዶች ዝም የሚባልባቸው ናቸው። «ስሙን ያንብቡ» ከተባለ በኋላ ተመልካቹ የሚያነብበት ጊዜ ያስፈልገዋል። ተራኪው ዝም ሲል በስክሪኑ ላይ ስሙ ብቻ ደምቆ ሌላው ይደብዝዝ። አቀናባሪዎች እንዲህ ያለውን ዝምታ ባዶ ቦታ መስሏቸው ይቆርጡታል፤ በጽሑፉ ላይ «3 ሰከንድ ዝምታ፣ አይቆረጥ» ብለው ያስፍሩት። ከትረካው ውስጥ «ዘመናዊ»፣ «ፈጣን»፣ «አስተማማኝ» የሚሉትን ቅጽሎች ያውጡ፤ ቪዲዮውን የከፈተው ሰው አሠራሩን ሊማር ነው የመጣው።

በትረካው መጠራት የሌለበት አንድ ነገር አለ፤ የአገልግሎት ክፍያው አኃዝ። ታሪፍ ይቀየራል። በሥዕሉ ላይ ያለ ቁጥር ሲቀየር የሚታረመው አንድ ምስል ብቻ ነው፤ በድምፅ የተጠራ ቁጥር ግን ተራኪውን መልሶ ያስጠራል። በሌላ ቀን የተቀዳ ድምፅ ደግሞ ከቀድሞው ጋር አንድ ሆኖ አይገጥምም።

የምስጢር ቁጥሩ ሲገባ ሲታይ፣ በስክሪኑ ላይ ከኮከብ ምልክት በቀር ምንም አይታይ፤ ጣቶቹም የትኞቹን ቁልፎች እንደሚነኩ እንዳይታወቅ በእጅ መዳፍ ይሸፈኑ። ለምሳሌ ተብሎ «1234» ማሳየት አደገኛ ነው፤ የሚያየውን እንዳለ የሚገለብጥ ጀማሪ ያንኑ ቁጥር የራሱ ሊያደርገው ይችላል። እዚህ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ «ይህን ቁጥር ለማንም አይንገሩ፤ ከድርጅቱ ነኝ ብሎ ለሚደውልም ቢሆን።» ከመላኩ በኋላ መልእክት ሲደርስ ደግሞ በመልእክቱ ላይ አይቁሙ። አጭበርባሪዎች «ገንዘብ ደርሶዎታል» የሚል የውሸት መልእክት ይልኩና «በስህተት ነው፣ መልሱልኝ» ይላሉ። ስለዚህ ሴትየዋ መልእክቱን ካነበበች በኋላ ወደ ማውጫው ተመልሳ ቀሪ ሂሳቧን ስታይ ይታይ። ገንዘብ መውጣቱንም መግባቱንም የሚያረጋግጠው ሂሳቡ መሆኑን ተመልካቹ ያለ ስብከት ይማራል። በተቃራኒው፣ በስህተት የተላከ ገንዘብ ይመለሳል የሚል ቃል በቪዲዮው አይስጡ፤ «ወዲያው ወደዚህ ቁጥር ይደውሉ» ከማለት አይለፉ።

ጽሑፉ ሲያልቅ ወደ ቀረጻ አይሂዱ። እያንዳንዱን ትዕይንት በእርሳስ ንድፍ ይሥሩ፣ ንድፎቹን ፎቶ አንሥተው በማቀናበሪያው ላይ ይደርድሩ፣ ትረካውን በራስዎ ድምፅ በስልክ ቀድተው ከሥሩ ያስገቡ። በግማሽ ቀን የሚያልቅ ሥራ ነው፤ ከሁሉም በላይ ገንዘብ የሚያተርፍልዎትም ይኸው ነው። ይህን ረቂቅ አገልግሎቱን ተጠቅመው ለማያውቁ አምስት ሰዎች አንድ በአንድ ያሳዩ። «ገባዎት?» ብለው አይጠይቁ፤ ሁሉም በትሕትና «ገባኝ» ይላል። የመፈተሻ ሂሳብ ያለበትን ስልክ ይስጧቸውና «ወደዚህ ቁጥር 10 ይላኩ» ብለው ዝም ይበሉ። ጣታቸው የት እንደሚቆም፣ የት ላይ ቀና ብለው እንደሚያይዎት ይመዝግቡ። ሁለት ሰዎች አንድ ቦታ ላይ ከቆሙ ጥፋቱ የትረካው ነው። ብዙ ጊዜ የሚገጥመው ለምሳሌ፣ ተመልካቹ «ላክ» የሚለውን ቃል በጣቱ ሊነካ መሞከሩ ነው፤ በባለ ቁልፍ ስልክ መጻፍ ያለበት ከቃሉ ፊት ያለውን ቁጥር ነው። ይህን እርማት በእርሳስ ንድፍ ላይ ማድረግ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨመር ነው፤ ካለቀ አኒሜሽን ላይ ማድረግ ግን ሳምንት ሊወስድ ይችላል።

እውነተኛው ድምፅ ከምስሉ ቀድሞ ይቀዳ፤ ምስሉ በድምፁ ልክ ይቆረጣል። ውድ ስቱዲዮ የግድ አይደለም። መጋረጃና ልብስ የበዛበት፣ የማያስተጋባ ትንሽ ክፍል፣ ከአፍ አንድ ስንዝር ያህል የራቀ፣ ትንፋሽ በቀጥታ እንዳይመታው ወደ ጎን የዘመመ ማይክሮፎን ይበቃል። የድምፅ መለኪያው ከፍተኛ ጫፍ በ-12 እና በ-6 ዴሲቤል መካከል ይዋል፤ ዜሮን ነክቶ የተሰነጠቀ ድምፅ በኋላ አይጠገንም። ክፍሉ ዝም ሲል ያለውንም ድምፅ 10 ሰከንድ ያህል ይቅዱ፤ ዝምታዎቹን የሚሞሉት በእርሱ ነው። ሙዚቃ ካስገቡ በመግቢያውና በመጨረሻው ብቻ ይሁን፤ እርምጃዎቹ ሲብራሩ ከሥር የሚጮህ ሙዚቃ በትንሽ የስልክ ድምፅ ማጉያ ላይ ቃላቱን ይውጣቸዋል።

ቪዲዮው የሚታየው በስልክ ከሆነ ቁም ቅርጽ፣ ማለትም 1080 በ1920 ያድርጉት፤ የተሣለው ስልክም ቁም ስለሆነ ቦታው አይባክንም። በአዳራሽ ወይም በቴሌቪዥን የሚታይ ከሆነ አግድም ያስፈልጋል። ሁለቱም ሊያስፈልጉ እንደሚችሉ ከጠረጠሩ ዋና ዋና ነገሮችን ሁሉ በመካከለኛው ካሬ ውስጥ ያስቀምጡ። የግርጌ ጽሑፉን በምስሉ ላይ ያትሙት፤ ለብቻው የሚቀመጥ የጽሑፍ ፋይል ቪዲዮው ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ ወደኋላ ይቀራል። አንዳንድ ማቀናበሪያዎች የግዕዝ ፊደልን በባዶ ሣጥን ይተኩታል፤ ፎንቱን Noto Sans Ethiopic ወይም Abyssinica SIL ብለው ራስዎ ይምረጡ፣ ከዚያም «ኋ»ን፣ «ቋ»ንና «ጿ»ን የመሳሰሉትን በተለይ ይፈትሹ።

ወደ 4ኬ ጥያቄዎ ስመጣ፣ አያስፈልግዎትም። የፋይሉ ክብደት በስሌት ይታወቃል፦ በሰከንድ የሚፈሰው ሜጋቢት በ120 ሰከንድ ተባዝቶ ለ8 ይካፈላል። በ8 ሜጋቢት የወጣ የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ 120 ሜጋባይት ይመዝናል፤ 4ኬ በ40 ሜጋቢት ቢወጣ 600 ሜጋባይት ይሆናል። ዳታ እየቆጠረ የሚከፍል ጀማሪ ይህን አያወርድም፤ ቢያወርደውም በትንሽ ስክሪን ላይ ልዩነቱን አያይም። ሁለት ፋይል ያውጡ። አንደኛው ዋናው ቅጂ ነው፦ MP4፣ H.264፣ በሰከንድ 30 ፍሬም፣ 8 ሜጋቢት። ሁለተኛው ለስርጭት የሚሆን ቀላል ቅጂ ነው፤ ዋናውን ቁም ቅጂ master.mp4 ብለው ሰይመው፣ ffmpeg በተባለው የቪዲዮ መለወጫ ፕሮግራም በዚህ ትእዛዝ ማውጣት ይችላሉ፦

```
ffmpeg -i master.mp4 -vf scale=720:-2 -c:v libx264 -b:v 900k -pix_fmt yuv420p -c:a aac -b:a 64k -ac 1 -movflags +faststart light.mp4
```

ይህ ከ15 ሜጋባይት ያነሰ ፋይል ይሰጣል። የተሣሉ ገጾች ሰፊና አንድ ወጥ ቀለም ስላላቸው በዚህ መጠንም ጥርት ብለው ይታያሉ፤ ብዙ የሚንቀሳቀስ የካሜራ ምስል ካስገቡ ግን መደብዘዝ ይጀምራል፣ ያኔ 900 የሚለውን ወደ 1500 ከፍ ያድርጉ። በትእዛዙ መጨረሻ ያለው faststart ቪዲዮው በሙሉ ሳይወርድ መታየት እንዲጀምር ያደርጋል።

የተጨመቀውን ፋይል በቢሮ ኮምፒውተር አይገምግሙ። ሊያገኙ በሚችሉት ርካሽ ስልክ ላይ ጭነው ወደ ፀሐይ ይውጡና በስልኩ የራሱ ድምፅ ማጉያ ይዩት። በማረጋገጫው ገጽ ላይ ያለው ስም ካልተነበበ ፊደሉ ትንሽ ነው። ከዚያ ድምፁን ዘግተው እንደገና ይዩት፤ አካሄዱ በምስልና በግርጌ ጽሑፍ ብቻ መከተል ካልተቻለ፣ ሰው በበዛበት ቦታ የሚከፍተው ተመልካች ይጠፋብዎታል።

ዋናውን ቅጂ ብቻ ሳይሆን የማቀናበሪያውን ፋይል፣ ያልተነካውን ትረካ፣ ፎንቱንና እያንዳንዱን የተሣለ ገጽ በየራሱ ስም አስቀምጡ። የአገልግሎቱ ማውጫ ተራ ቁጥር ሲቀየር፣ ትናንት «3» የነበረው ዛሬ «2» ሲሆን፣ አሮጌው ቪዲዮ ጀማሪውን ወደ ሌላ አገልግሎት ይመራዋል። ማውጫውን የሚያስተዳድረው ክፍል ለውጥ ከማድረጉ በፊት እንዲያሳውቅዎት ከአሁኑ በጽሑፍ ይስማሙ፤ ገጾቹ ለየብቻ ከተቀመጡ እርማቱ ከአንድ ቀን ሥራ አያልፍም።